ቁጥር ቋንቋ አይፈልግም

ለእህቴ የስፖርት ሰዓት ስመርጥ ጁባ ውስጥ እኔን የሚያክል አዋቂ አልነበረም። ሀይ ጀላባ ሰፈር ባለው ሰዓት መሸጫ ደረጃ ላይ ሮጬ የልብ ምቴን በጣቴ ቆጠርኩ፤ ከሰዓቱ ጋር ገጠመ። ባትሪው ሁለት ሳምንት ይቆያል፤ ጉዴሌ ሰፈር ጄኔሬተር እስኪበራ ለምትጠብቅ ሴት ትልቅ ነገር ነው። የሰዓቱ አፕ አማርኛ የለውም፤ እህቴ ደግሞ እንግሊዝኛ አታነብም። “ቁጥር ቋንቋ አይፈልግም” ብዬ ገዛሁት።

እሁድ ቸርች ውስጥ ዝማሬው ሲግል፣ ከሁሉ ቀድማ የምትዘለው እህቴ ድንገት ቁጭ አለች። ሰዓቱ እጇ ላይ ነዝሮ በእንግሊዝኛ የሆነ ነገር ጽፏል።

“ልቤ ሊቆም ነው መሰለኝ” አለችኝ።

አነበብኩት። “ስፖርት እየሠሩ ነው?” ይላል።

ሰኞ ዕለት እንደገና ደረጃ ሮጬ፣ ምቴን ቆጥሬ፣ አማርኛ በሚያውቅ ሰዓት ለወጥኩላት። ባትሪው አራት ቀን ብቻ ነው። አሁን ጥያቄው ሲመጣ “አዎ”ን ትጫናለች፤ ዝላዩን ግን አታቋርጥም።