በአንድ ነጥብ የወደቀችው የእህት ልጅ

መምህሩን ተማሪዎቹ በሌለበት «ኮምፓስ» ይሉታል፤ በጠመኔ ብቻ የሚስለው ክብ አይዛነፍም። ሃያ ስድስት ዓመት ሒሳብ ሲያስተምር ከአለቃ ጋር ክፉ ቃል ተለዋውጦ አያውቅም። ያን ዓመት የእህቱ ልጅ የመልቀቂያ ፈተና ወስዳ በአንድ ነጥብ ወደቀች።

ልጅቷ አላለቀሰችም። የፈተናውን ወረቀትና የተለጠፈውን የመልስ ዝርዝር ቅጂ አምጥታ ፊቱ ዘረጋችለት።

«ጋሼ፣ እስቲ አሥራ ሰባተኛውን ይዩልኝ። የቱ ጋ ነው የተሳሳትኩት?»

ጥያቄው ስለ አንድ ጎነ ሦስት ነበር። ሁለቱ ጎኖች ስድስትና ዘጠኝ ሴንቲ ሜትር፣ ሦስተኛው አሥር። ስድስቱና ዘጠኙ ከሚገናኙበት ተነስቶ ማዕዘኑን እኩል የሚከፍል መስመር አሥሩን ጎን ይቆርጠዋል። በስድስቱ በኩል ያለው ቁራጭ ስንት ነው? እሷ አራት ብላለች። የመልስ ዝርዝሩ አምስት ይላል።

ሦስት ጊዜ ሠራው። ማዕዘኑ እኩል ስለተከፈለ ጎኑ እኩል አይከፈልም፤ ቁራጮቹ የሚከተሉት አጠገባቸው ያሉትን ጎኖች ነው። ስድስት ለዘጠኝ፣ ማለትም ሁለት ለሦስት። አሥሩ አምስት ቦታ ሲከፈል ድርሻው ሁለት ሁለት ነው፤ ስለዚህ አራትና ስድስት። አምስት አምስት የሚሆነው ሁለቱ ጎኖች እኩል ቢሆኑ ብቻ ነበር።

«አልተሳሳትሽም» አላት።

ደስ ይላታል ብሎ ነበር። እሷ ግን ክው ብላ ቀረች።

ፈተና ቢሮ ሦስት ቀን ተመላለሰ። በሦስተኛው ቀን ኃላፊዋ አስገባችው። ጎነ ሦስቱን በልኩ ስሎ ይዞ ነበር፤ ወረቀቱንና ማስመሪያውን ሰጣት። ራሷ ለካችው። አራት።

«ልክ ነዎት መምህር።»

«እንግዲያው ይታረማ።»

«ውጤቱ ተላልፏል። አምስት ብለው ያለፉትን ምን ላድርጋቸው? ልጅቷስ ምንዎ ናት?»

«የእህቴ ልጅ።»

ኃላፊዋ ማስመሪያውን መለሰችለት። «ሰው ምን እንደሚል ያውቁታል» አለች ድምጿን ዝቅ አድርጋ። ክፋት አልነበረባትም፤ እሷም የጨነቃት ትመስል ነበር። ኮምፓስ ወረቀቱን አንስቶ አጣጠፈ። ልክ ነዎት ያለውን ሰው ምን ብሎ ያስረዳል?

ከዚያ ወጥቶ እህቱ ስፌት ቤት ገባ። ልጅቷ ሸሚዝ ላይ ቁልፍ እየተከለች ነበር። ፊቱን አይታ ስለ ቢሮው አልጠየቀችውም።

«ለሚመጣው ዓመት ተመዝግቤያለሁ፣ ጋሼ። ይቺው ጥያቄ ብትመጣ አራት ልበል አምስት?»

እናቷ የስፌት መኪናውን አቆመች። ሁለቱም አፍ አፉን ያዩት ጀመር።

«ትክክሉን ታውቂዋለሽ» አለ።

«እሱን አይደለም የጠየቅኩዎት።»

በርጩማ ስቦ አጠገቧ ተቀመጠ፤ እናቷም መኪናውን እንደገና መርገጥ ጀመረች።