የእናትየው ፎቶና ሦስት መቶው ቁጥር

መተማ ዮሐንስ ከዋናው መንገድ ዳር ባለች አንዲት ፎቶ ቤት አራት ዓመት ሠርቻለሁ። ፎቶ አነሳለሁ፣ ማመልከቻ እጽፋለሁ፣ ኮፒ አደርጋለሁ። አብዛኛው ደንበኛ የሚፈልገው ጉርድ ፎቶ ስለነበር ሥራውን በሁለት ሳምንት ውስጥ ያወቅሁት መስሎኝ ነበር። በኮምፒውተሩ የመቁረጫ ሣጥን ውስጥ ወርዱን ሦስት ነጥብ አምስት፣ ቁመቱን አራት ነጥብ አምስት ሴንቲ ሜትር፣ ጥራቱን ደግሞ ሦስት መቶ ብዬ እሞላለሁ። ፊቱ ላይ አስተካክዬ እቆርጣለሁ። አለቀ።

ያ ሦስት መቶ የሚባለው ቁጥር ምን እንደሆነ የጠየቅሁት አንድ የትራክተር ሹፌር ከመጣ በኋላ ነው።

ሹፌሩ አርባ ዓመት ገደማ የሆነው፣ በአብርሃ ጅራ በኩል ባለ የሰሊጥ እርሻ የሚሠራ ሰው ነበር። ስልኩን አውጥቶ የሠርግ ፎቶ አሳየኝ። አሥራ አንድ ሰው ተደርድሯል። ከኋላ በኩል፣ ምሰሶ ተደግፈው የቆሙትን እናቱን በጣቱ ጠቆመኝ።

«እህቴ፣ እኒህን ብቻ ቆርጠሽ አውጪልኝ። ለቪዛ ነው።»

እናቱ የልብ ሕመም አለባቸው። ውጭ አገር የምትኖር እህቱ ሕክምና አመቻችታላቸው ፓስፖርታቸው ወጥቷል። ለቪዛው በኢንተርኔት የሚላክ አዲስ ፎቶ ብቻ ነው የቀረው።

«እሳቸውስ የት ናቸው?» አልኩት።

«እዚሁ ከተማ፣ እኔ ቤት ናቸው።»

«ታዲያ ይምጡና ላንሳቸዋ።»

ነገሩን አስረዳኝ። እናቱ በወጣትነታቸው ለአረም ሥራ ሲሄዱ ከጭነት መኪና ላይ ወድቀው ነበር። ከዚያ ወዲህ አንገታቸው ወደ ግራ ትከሻቸው እንደዘመመ ቀረ። በፓስፖርቱ ጊዜ አንድ ፎቶ አንሺ አገጫቸውን ይዞ ቀና ሊያደርጋቸው ታግሎ ስላሳመማቸው ሁለተኛ ካሜራ ፊት አልቀመጥም ብለዋል። በሠርጉ ፎቶ ግን ምሰሶውን ስለተደገፉ ቀጥ ያሉ ይመስላሉ።

ፎቶውን በስልክ መልእክት ተቀብዬ ቆረጥኩት። ቁጥሮቹን ሞላሁ፤ ኮምፒውተሩም ሦስት መቶ ነው አለኝ። ከጀርባቸው ያለውን ሁሉ አጥፍቼ ነጭ አደረግሁት። ፊቱ ትንሽ ደበዘዝ ብሎ ነበር፤ መጠኑ ትክክል ስለሆነ ግን አላሳሰበኝም። ማመልከቻውን ሞልተን ላክን።

በሦስተኛው ቀን ፎቶው ግልጽ ስላልሆነ በሌላ ይተካ የሚል መልስ መጣ።

ሹፌሩ መልሱን ሳነብለት ቁጭ አለ። እኔ ደግሞ ከማፈር ይልቅ ነገሩ ከነከነኝ። ሦስት መቶ ብዬ ሞልቼ፣ ሦስት መቶ ነው ብሎኝ፣ እንዴት ግልጽ አይሆንም? ዋናውን የሠርግ ፎቶ ከፈትኩና አጎላሁት። እየጎላ ሲሄድ የእናትየው ፊት ትንንሽ አራት ማዕዘን ነጥቦች ሆነ። ከአገጫቸው እስከ አናታቸው ቆጠርኳቸው። ዘጠና አካባቢ ናቸው።

ከዚያ ወረቀት አውጥቼ አሰላሁ። ሦስት መቶው በአንድ ኢንች ውስጥ ሊኖር የሚገባው የነጥብ ብዛት ነው። በዚያ ልክ የፎቶው ወርድ አራት መቶ አሥራ ሦስት፣ ቁመቱ አምስት መቶ ሠላሳ አንድ ነጥብ ይሆናል። ፊቱ ከቁመቱ ሰባ እስከ ሰማንያ በመቶውን መያዝ ስላለበት፣ ለፊቱ ብቻ ወደ አራት መቶ የሚጠጋ ነጥብ ያስፈልጋል። እኔ ያለኝ ዘጠና ነው። የጎደለውን ኮምፒውተሩ ከራሱ ፈጥሮ ሞልቶልኛል። ሳላውቀው የላክሁት በአብዛኛው የኮምፒውተሩን ግምት ነበር።

ይህን ለሹፌሩ በስክሪኑ ላይ አሳየሁት። ጎንበስ ብሎ ነጥቦቹን ረጅም ጊዜ አየ።

«ዓይናቸው ይኸ ብቻ ነው?» አለ። አንዱ ዓይን ስምንት ዘጠኝ ጥቁርና ቡኒ ነጥብ ነበር።

«በዚህ ፎቶ ላይ ይኸው ነው።»

«እንግዲያ ለምኜ አመጣቸዋለሁ።»

በማግስቱ ማለዳ፣ ሙቀቱ ሳይበረታ በባጃጅ አመጣቸው። ቀጭን፣ ረጅም ሴት ናቸው። ነጭ ነጠላ ለብሰዋል፤ ከኋላ ያለው መጋረጃም ነጭ ስለሆነ ጠርዙ ይጠፋብኛል ብዬ ነጠላውን እንዲያወርዱ ለመንኳቸው። ከሥሩ ጥቁር ሻሽ ነበር፤ ለሥራዬ ተመቸኝ። ወንበሩ ላይ ተቀመጡና እጄን አዩ።

«አትነኪኝም አይደል?»

«አልነካዎትም፣ እማማ።»

ግን ምን እንደማደርግ አላውቅም ነበር። በካሜራው ሳይ ፊታቸው በጣም ዘሟል። ፎቶውን አዙሬ ላቅናው ብል ብዙ ማዞር ሊኖርብኝ ነው። ካሜራውን ይዤ ስቆም ጊዜ እሳቸው ዙሪያውን ቃኙ።

«የምቀመጥበት ጠንከር ያለ ነገር አለሽ?» አሉኝ።

ያልተከፈተ የወረቀት እሽግ ሰጠኋቸው። ከግራ ዳሌያቸው ሥር አደረጉት። ሰውነታቸው ወደ ቀኝ ሲያዘነብል ጭንቅላታቸው ቀስ ብሎ ቀና አለ። አሁን የዘመመው ትከሻቸው እንጂ ፊታቸው አይደለም።

ልጃቸው ከበሩ ላይ «እንዲህ መቀመጥ የት ተማሩ?» አላቸው።

«ቤት ውስጥ ሁልጊዜ የምቀመጠው እንዲህ ነው። ሰው ፊት ለፊት ማየት ስፈልግ። መቼ አይተህ ታውቃለህ?»

እሱ ገባና ከወንበሩ አጠገብ ቆመ። እኔ ደግሞ ለማወቅ ስጓጓ እንደኖርኩ ሁሉ ጠየቅኳቸው።

«እማማ፣ ከሥርዎ ምንም ሳያደርጉ ሲቀመጡ ሰው ዘሞ ነው የሚታይዎት?»

«አይ። ለእኔ ቀጥ ብላችሁ ነው የምትታዩኝ። የዘመምኩት ፎቶ ላይ ስሆን ብቻ ነው» አሉና ፈገግ አሉ። ከዚያ «ጥርስ አይፈቀድም መሰለኝ» ብለው ከንፈራቸውን ገጠሙ።

በዙሪያቸው ሰፊ ቦታ ትቼ ስድስት ጊዜ አነሳኋቸው። ካርዱን በቀጥታ ኮምፒውተሩ ላይ ሰካሁ፤ በስልክ መልእክት ሲላክ ነጥቡ እንደሚቀንስ አሁን አውቄያለሁ። ፊታቸው ብቻ ከሁለት ሺህ ነጥብ በላይ ነበር፤ አሁን የሚቀነስ እንጂ የሚፈጠር የለም። በሁለቱ ዓይኖቻቸው መካከል ቀጥ ያለ መስመር አወረድኩ፤ ፊታቸው ለመቅናት ሁለት ዲግሪ ያህል ቀርቶት ስለነበር ያንን ብቻ አዞርኩ። ነጩ መጋረጃ ሰፊ ስለነበር ፎቶው ሲዞር ማዕዘኖቹ ባዶ አልሆኑም። ሣጥኑን መስመሩ ላይ አማክዬ፣ ከአናታቸው በላይ ትንሽ ክፍት ትቼ ቆረጥኩ።

እናትየው ከኋላዬ ቆመው ያዩ ነበር። «የተቆረጠው የት ሄደ?» አሉኝ።

«የትም አልሄደም። ዋናው እንዳለ ተቀምጧል፤ የቆረጥኩት ቅጂውን ነው።»

ከፈትኩላቸው። ከነትከሻቸው፣ ከነወረቀቱ እሽግ፣ በጎን በኩል እጅጌው የሚታየውን ልጃቸውን ጨምሮ አዩት። ከትንሹ ይልቅ ይህኛውን ወደዱና አሳትመው ወሰዱት።

ትንሹን ላክን፤ በዚህ ጊዜ አልተመለሰም። ከወር በላይ ቆይቶ ሹፌሩ ቪዛው እንደወጣ ሊነግረኝ ብቅ አለ። ለጉዞው አንድ ትንሽ ጠንካራ ትራስ አሰፍቶላቸዋል። በኋላ እንደሰማሁት ሕክምናውም ደህና ሆኖላቸው ተመልሰዋል፤ አንገታቸው ግን እንደነበረ ነው።

እናትየውን ያነሳሁ ዕለት ሱቁ ጭር ሲል የራሴን ፊት አንስቼ በዓይኖቼ መካከል መስመር አወረድኩ። አፍንጫዬ ከመስመሩ ወደ ቀኝ ወጥቷል፤ አገጬ ደግሞ ወደ ግራ። ሃያ ስድስት ዓመት ራሴን በመስተዋት ሳይ አንድም ቀን አላስተዋልኩትም። መስመሩን ወዲያና ወዲህ ብዙ ጊዜ አንቀሳቀስኩት፤ ሁሉንም የሚያማክል ቦታ አላገኘሁለትም።