ደጋ ላይ የሰመጠው የብርቱካን ኬክ

በሞቃታማዋ የወደብ ከተማ በጓያኪል፣ በእኛ ሰፈር አውሪስቴላ ሴዴኞን የማያውቅ የለም። ልደትም ሆነ ሰርግ፣ የልጅ ክርስትናም ሆነ የትምህርት ቤት ምረቃ፣ ኬኩ የሚወጣው ከእሷ ቤት ነው። ሳቋ ከመንገዱ ማዶ ይሰማል። በሙያዋ የመጡባት ዕለት ደግሞ ቁጣዋም እንደዚያው ይሰማል።

ዩቲዩብ ላይ «የአውሪስቴላ ማድ ቤት» የሚል ቻናል ከፍታ ኬክ ስታስተምር ካሜራውን የምይዘው እኔ ነኝ። ሌዮኔላ እባላለሁ፤ ጎረቤቷ ነኝ፣ እንጀራዬም ሰርግ መቅረጽ ነው። ባሏ ዋሺንግተን ዕድሜውን ሙሉ ከጓያኪል ደጋ ላይ ወዳለችው ሪዮባምባ የሚወጣ አውቶቡስ ሲነዳ ኖሮ ጡረታ ወጣ። ቤት መዋል አልሆነለትም። እሷ ዱቄት ስትነፋ አጠገቧ ተቀምጦ የተመልካቾችን አስተያየት ማንበብ ያዘ።

መጀመሪያ ላይ ለጨዋታ ነበር። ለሁሉም ይመልሳል፤ ከአንዳንዱ ጋር ስለ ኳስ ሁሉ ይጨቃጨቃል። በኋላ እኔ ላፕቶፕ ላይ ሰንጠረዥ ሠራሁለትና አስተያየቶቹን በሙሉ አወረድንበት። ከእያንዳንዱ ጎን ምን እንደሆነ ይጽፋል፤ ጥያቄ፣ ቅሬታ፣ «እንዲህ ያለ አሳዩን» የሚል ልመና፣ ምስጋና። አንዱ «ሰመጠ»፣ ሌላው «ተንኮታኮተ»፣ ሌላው «መሃሉ ጉድጓድ ሆነ» ቢል ነገሩ አንድ ነውና አንድ ቅርጫት ውስጥ ይገባል። የሚቆጥረው ሰውን እንጂ አስተያየትን አይደለም። በየቪዲዮው ሥር «ሙዚቃው ጆሮዬን በላው» የሚል አንድ ሰውዬ ነበረን፤ መቶ ጊዜ ቢጮህ አንድ ሰው ነው። በሌላ በኩል፣ አንዱ ጠይቆ ብዙ ሰው ላይክ ካደረገለት፣ ሳይጽፉ የጠየቁ ብዙ ናቸው ማለት ነው።

የሰውን ስሜት እየለየ ደስተኛውን አረንጓዴ፣ የተናደደውን ቀይ የሚቀባ ፕሮግራምም ጫንኩለት። አንድ ቀን ዋሺንግተን በሳቅ ሞቶ ጠራኝ።

«ነይ እስቲ ይሄን ፕሮግራምሽን እዪልኝ! ‹በጣም አመሰግናለሁ ሴኞራ፣ ለአማቴ ዓመቱን ሙሉ የምትስቅበት ነገር ሰጠሻት› ይላል። እሱ ምን አደረገ? አረንጓዴ ቀባው!»

«‹አመሰግናለሁ› የሚለውን አይቶ ነዋ» አልኩት።

«ፕሮግራም አማት የለውማ!»

ከዚያ ወዲህ ቀለሙን ለመነሻ ብቻ እያየ እሱ ራሱ ያነብ ነበር።

ሰኞ ሰኞ ምሳ ላይ ቀጣዩን ቪዲዮ እንመርጣለን። ያን ሰኞ አውሪስቴላ የሙዝ ድቡልቡሏን በዓሣ ሾርባ እያጠቀሰች ቁርጥ አድርጋ ተናገረች።

«የስኳር አበባ ነው የምሠራው። ሕዝቡ ‹ንግሥታችን› እያለኝ ነው።»

«ንግሥታችን ያሉሽ አመስግነውሽ ሄደዋል» አለ ዋሺንግተን። «አበባ አሳዪን ያለ ሰው በጣት የሚቆጠር ነው። ትልቁ ቅርጫት ያው ነው፤ የብርቱካን ኬክሽ ይሰምጣል።»

ማንኪያዋን አስቀመጠች። «የእኔ ኬክ አይሰምጥም! ኦቨኑን እየከፈቱ ያፈጣሉ፣ ከዚያ እኔን ይሰድባሉ።»

ይህን ብላ ከዚህ ቀደም «ኦቨኑን አትክፈቱ» የሚል ሙሉ ቪዲዮ ሠርታ ነበር። ዋሺንግተንም የያዛት በዚሁ ነው። ከቪዲዮው በፊት የተጻፈውንና በኋላ የተጻፈውን ለይቶ አሳያት። የ«ሰመጠ» ቅርጫት ንቅንቅ አላለም።

«መልሱ ያ ቢሆን ኖሮ ጥያቄው ይቀንስ ነበር፣ እናቴ» አላት በለሰለሰ ድምፅ። «ደግሞ ይህችን ስሚ። ታርሄሊያ የምትባል ሴት ናት። ‹ሴኞራ፣ ኦቨኑን አልከፈትኩም። ባሌን እንኳ ማድ ቤት አላስገባሁም። ኬክዎ ግን ሾርባ የሚጠጣበት ሳህን ሆኖ ወጣ። ዛሬ ደግሞ አቻቻይ፣ ተጠቅልዬ ነው የጋገርኩት፤ ሳህኑን አቅፌ አለቀስኩ።›»

«አጥፋት! ዳግመኛ እንዳትጽፍ አድርገህ አግዳት!»

ዋሺንግተን ግን አልሰማትም። ስክሪኑ ላይ ፈዝዞ ቀርቷል። ከዚያ ወደ ላይ ወደ ታች እያለ የ«ሰመጠ» ቅርጫትን ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ ማንበብ ጀመረ።

«አቻቻይ…» አለ ቀስ ብሎ። «ጓያኪል ውስጥ አቻቻይ የሚል ሰው ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? እዚህ በላብ እየተጠመቅን ማን ‹ኧረ በረደኝ› ይላል? ይሄ የተሳፋሪዎቼ አነጋገር ነው። ይቺም እንደነሱ ናት። ይሄም። ይሄኛው ልጁን ‹ጓጓ› ይላል። አውሪስቴላ፣ እነዚህ ሰዎች ደገኞች ናቸው!»

«ደገኛ ኬክ መጋገር አይችልም ልትለኝ ነው?»

«ኬክሽ ተራራ መውጣት አይችልም ልልሽ ነው።»

እሷ ተነሥታ ሳህን ማጠብ ጀመረች። እኔ ደግሞ ነገሩ ቢጥመኝም የሾፌር ጆሮ ብቻውን ማስረጃ አይሆንም አልኳቸው። አስተያየት የጻፈ ሰው ከተማውን አይነግረንም፤ ከተመልካቹ መካከል የሚጽፈውም ጥቂቱ ነው። «እንጠይቃቸው» አልኩ። በቪዲዮው ሥር ከአስተያየቶች ሁሉ አናት ላይ አንድ ጥያቄ ለጠፍን፦ የብርቱካን ኬኩ እንዴት ወጣላችሁ? የጋገራችሁትስ የት ከተማ ነው?

መልሱ ጎረፈ። ከቆላው፣ ማቻላ፦ ተነፍቶ ቆመ። ፖርቶቪዬሆ፦ ቆንጆ። የኮሎምቢያዋ ባራንኪያ፦ ልጆቼ ሳይበርድ ጨረሱት። ከደጋው ደግሞ፣ ኪቶ፦ ሰመጠ። አምባቶ፦ ሰመጠ። ቦጎታ፣ ኩስኮ፣ ላ ፓዝ፦ ሰመጠ፣ ሰመጠ፣ ሰመጠ። ከኤል አልቶ የጻፈች አንዲት እናት «የእኔ አልሰመጠም፣ ፈንድቶ ከኦቨኑ ወለል ተጣብቋል፤ ይህስ በየትኛው ይቆጠራል?» ስትል ጠየቀች። ከራሳችን ከጓያኪል ሰመጠብኝ ያለ አንድ ሰው ብቻ ተገኘ። እሱም ሲጠየቅ ኦቨኑን ከፍቶ ነበር።

«አየህ፣ ከፍቶ ነበር!» አለች አውሪስቴላ በድል። ከዚያ የቀረውን አነበበች። ብዙ አነበበች። የሰደቧትን ሳይሆን «እጄ የማይረባ ነው መሰለኝ» ብለው ራሳቸውን የሰደቡትን ስታነብ ዓይኗ እንባ አቀረረ።

«እነዚህ ምስኪኖች በእኔ ጥፋት ራሳቸውን ይረግማሉ?» አለች። «ዋሺንግተን፣ ለዚያች ለሳህኗ ሴትዮ ጻፍላት። ማድ ቤቷን ታበድረኛለች ወይ በላት።»

የታርሄሊያ መልስ ከሪዮባምባ መጣ፤ አጭር ነበር። «ይምጡ። ወፍራም ልብስ ይያዙ።»

አውቶቡሱ ሲወጣ ዋሺንግተን ከሾፌሩ ኋላ ተቀምጦ በየመታጠፊያው ምክር ስለሰጠ ሾፌሩ ሊያወርደው ምንም አልቀረው። ሪዮባምባ ስንደርስ አውሪስቴላ ጥርሷ እየተንቀጫቀጨ ነበር። ታርሄሊያ ዩምባይ አጭር ቁጥብ ሴት ናት፤ ጎረቤቶቿን በሙሉ ሰብስባ ጠበቀችን። አውሪስቴላን ከላይ እስከ ታች አየቻት።

«በቪዲዮ ትልቅ ነበር የሚመስሉት።»

«ብርዱ አሳጥሮኝ ነው እንጂ!»

ጎረቤቶቹ ሳቁ፤ ታርሄሊያ ግን ገና አልሳቀችም። ትኩስ የቀረፋ መጠጥ አቀረበችልንና «እስቲ እዚሁ ፊቴ ይጋግሩት» አለች።

አውሪስቴላ ሁሌም እንደምታደርገው ለካች፣ መታች፣ ኦቨን ውስጥ ከተተች። እኔ ቀረጽኩ። ኬኩ እንደ ጉድ ተነፋ። «አያችሁ!» አለች። ሳትጨርሰው መሃሉ ቀስ እያለ ወደ ታች ወረደና ጉድጓድ ሆነ። እኔም ካሜራውን ላጥፋ አላጥፋ ስል አውሪስቴላ ያንን ሳቋን ለቀቀችው፤ ጎንበስ ብላ ጠረጴዛውን እየደበደበች ሳቀች።

«ታርሄሊያ፣ ይቅር በዪኝ፤ ሾርባውን አምጪው!»

ታርሄሊያም ያን ጊዜ ተሸነፈች። ሁለቱ ተያይዘው ሲስቁ የቀረጽኩት ያ ነው በኋላ ሰው ደጋግሞ ያየው።

ከዚያ ሥራ ተጀመረ። ደጋ ላይ አየሩ ስስ ነው፤ ኬኩን የሚነፋው ጋዝ ጉልበት ያገኝና ሊጡ ሳይጸና ቶሎ ያስነሣዋል፣ የሚሸከመው ሲያጣ ይወድቃል። ውሃውም ቶሎ ይተናል። ይህን ከመጻሕፍት አገላብጣ ነበር የመጣችው፤ ልኩን ግን በእጇ መፈለግ ነበረባት። ቤኪንግ ፓውደሩን ቀነሰች፣ ስኳሩንም ትንሽ፤ የብርቱካን ጭማቂ ጨመረች፣ የኦቨኑንም ሙቀት ከፍ አደረገች። ሁለተኛው ኬክ ቆመ፣ ግን ደረቀ። «አንድ እንቁላል ብትጨምሪ?» አለች ታርሄሊያ፤ «አንቺ» መባባል ጀምረዋል። ሦስተኛው ወርቃማ ሆኖ ወጣ። ሁላችንም አፍጥጠን ጠበቅን። ወደ ታች አልወረደም። ታርሄሊያ በጣቷ ነካ ስታደርገው ተመልሶ ተነሣ፤ ጎረቤቶቹ አጨበጨቡ። ዋሺንግተን ከደስታው ብዛት ያችን ቁጥብ ታርሄሊያን አቀፋት፤ ባሏ ከደጅ «ኧረ እኔን እንኳ ማድ ቤት አታስገባም!» ብሎ ጮኸ።

ለቪዲዮው ርዕስ እኔ «በከፍታ ቦታ ኬክ የመጋገር ጥበብ» የሚል አምጥቼ ነበር። ዋሺንግተን አፍንጫውን ነፋ። «ማነው እንደዚህ ብሎ የጠየቀ? ሰው የጻፈውን ጻፊ።» ስለዚህ «ኬኬ መሃሉ ለምን ይሰምጣል? ለደገኞች» ብለን ለቀቅነው። ኬኮቻቸውን ፎቶ እያነሡ ይልኩልን ጀመር። የኤል አልቶዋ እናት «ቆሟል! ወለሉንም አጽድቻለሁ!» ብላ ጻፈች። እንደ እሷ ከተማ በጣም ከፍ ያለ ቦታ ላይ ቤኪንግ ፓውደሩ ገና ብዙ መቀነስ እንዳለበትም እሷው ሞክራ ነገረችን። በቀጣዮቹ ሳምንታት የ«ሰመጠ» ቅርጫት እየሳሳ ሄደ። በምትኩ «እኔ ያለሁት ማቻላ ነው፣ በአዲሱ ልክ ሠራሁት፣ አልነሣ አለኝ» የሚሉ ቆለኞች ብቅ አሉና ዋሺንግተን ርዕሱን አንብባችሁ ይሆን እያለ ሲመልስ ሰነበተ።

አሁን ሰኞ ሰኞ የሚጨቃጨቁት ላፕቶፑን ማን ይያዝ በሚል ነው። ባለፈው ሰኞ አውሪስቴላ ነጥቃው ስታነብ አንድ ትንሽ ቅርጫት አገኘች። የሚጮኹ አይደሉም፣ ተራ በተራ አፍረው የጠየቁ ናቸው፦ ሴኞራ፣ ኦቨን የሌለን ምን እናድርግ? ከጥያቄው ሥር ላይኩ ተደርድሯል።

«የስኳር አበባው ይቆይ» አለች፤ ማንም ሳይጠይቃት።

የመጀመሪያውን የድስት ኬክ ዛሬ ግቢ ውስጥ፣ በጋዝ ምድጃ ላይ ቀረጽን። ሥሩ እንደ ከሰል አረረ። አውሪስቴላ የላይኛውን ለስላሳ ክፍል ቆርሳ ለሰፈሩ ስታድል ሁሉም አፉን ሞልቶ አስተያየት ይሰጣል፤ እሳቱ በዛ፣ ድስቱ ሳሳ፣ ከሥሩ አሸዋ ይነጠፍ። ዋሺንግተን ላፕቶፑን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ይጽፋል።

«ቀስ በሉ እንጂ!» ይላል። «አንድ በአንድ!»