በባለሙያ የተመረመረው ቅባት

ሠላሳ ዓመት ቋንቋ አስተምረው ጡረታ የወጡ ሴት ናቸው፤ ቢሮ ውስጥ "ቀይ እስክሪብቶ" እንላቸዋለን። በድረ ገጽ የምንሸጠውን ዕቃ እኔ ፎቶ አነሳለሁ፣ እሳቸው ጽሑፉን ያርማሉ።

የጉልበት ቅባቱ ገጽ ሦስት ቀን ፈጀባቸው። በቀን ስንት ጊዜ እንደሚቀባ፣ አንዱ ብልቃጥ ስንት ቀን እንደሚቆይ አይልም ነበር፤ ጠይቀው አስገቡ። "አስደናቂ" የሚለውን አምስት ቦታ ሰርዘው፣ ደረጃ መውጣት ስላቃታት እናት የሚያወራውን ከላይ አስቀመጡ። "በሰባት ቀን ሕመሙ ድራሹ ይጠፋል" ከሚለው ሥር ግን ሁለቴ አሰመሩና "ማስረጃው የታለ?" ብለው ጻፉ።

ገጹ ወጣ። ያሳመሩት ሁሉ ገብቷል። ያ የውሸት ሰባት ቀን ግን ከቦታው ንቅንቅ አላለም።

በማግስቱ ታላቅ እህታቸው ደወሉ፤ ጆሯቸው ስለደከመ እየጮኹ ነው የሚያወሩት፣ ለሁላችንም ተሰማ።

"እንዲህ ግልጽ ተደርጎ የተጻፈ ነገር አይቼ አላውቅም፣ እህቴ! ቅባቱን አዘዝኩ፤ የሐኪሙን ክኒንም ተውኩት። ደግሞ በባለሙያ የተመረመረ ነው ይላል።"

ቀይ እስክሪብቷቸውን እንደጨበጡ የድርጅቱ ባለቤት ክፍል ዘው አሉ። እኔም ተከተልኳቸው።

"ይሄን ቅባት የመረመረው የትኛው ባለሙያ ነው?"

ሰውዬው ከልቡ ገረመው።

"እርስዎ ነዎት እንጂ፣ መምህርት! ሦስት ቀን ሙሉ ታዲያ ምን ሲሠሩ ነበር?"