በግድግዳ ጋዜጣ ላይ የጻፍኩት የኢንፍሉዌንዛ ትምህርት

በሕይወቴ ሰው ቆሞ ያጨበጨበልኝ አንድ ቀን ብቻ ነው፤ እሱም ለውሸት ነው።

ዘመኑ የደርግ ነው። ከጎንደር ከተማ ወጣ ብሎ ባለ፣ ቀድሞ የሚሲዮን በነበረና ኋላ በተወረሰ ትንሽ ሆስፒታል ላቦራቶሪውን እይዝ ነበር፤ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ለጤና ረዳት ተማሪዎች ስለ ተዋሲያን አስተምር ነበር። ዓርብ ዓርብ የውይይት ክበብ አለ። መቅረት አይቻልም፤ ዝም ብሎ መቀመጥም እየዋለ እያደረ ያስጠይቃል። እኔ ሁለት ዓርብ አፌን ሳልከፍት ወጥቻለሁ። የክበቡ ሰብሳቢ፣ ከንብረት ክፍል ተነሥቶ ካድሬ የሆነ ሰው፣ ስሜን ማስታወሻው ላይ ሲጽፍ አይቼዋለሁ። ለውጭ ትምህርት የታጩት ሰዎች ዝርዝርም በእሱ መሳቢያ ውስጥ ነበር፤ እኔ ሁለተኛው ነኝ።

በሦስተኛው ዓርብ ርእሱ መጠናዊ ለውጥ ተጠራቅሞ ወደ ዓይነታዊ ለውጥ ስለመሸጋገሩ ነበር። የውኃው መፍላት ተነገረ። እንቁላሉ ጫጩት መሆኑ ተነገረ። እጄን አወጣሁ። «በእኛም ሙያ ይኸው ሕግ ይሠራል» አልኩ። «የኢንፍሉዌንዛ ቫይረስ በየዓመቱ ትንሽ ትንሽ ይለወጣል፤ ይህን ድሪፍት እንለዋለን። ይህ ለውጥ ተጠራቅሞ ተጠራቅሞ አንድ ቀን ዝላይ ይሆናል፤ ያን ጊዜ ሺፍት ይባላል፤ ዓለምን የሚያዳርስ ወረርሽኝ ይነሣል።» ጭብጨባው ቤቱን አናወጠው። ሰብሳቢው ራሱ ቆመ። «ጓድ፣ ይህን ለግድግዳ ጋዜጣው ጻፍልን» አለኝ። ጻፍኩ፤ በቀይ እስክሪብቶ አስምሬበት።

ስናገር ውሸት መሆኑን አውቅ ነበር። ባላውቅ ዛሬ ይቀለኝ ነበር። ከመስከረም ጀምሮ ለተማሪዎቼ እውነተኛውን ሳስተምር ነበርና። ቫይረሱ ቆዳው ላይ የተተከሉ ሁለት ዓይነት ፕሮቲኖች አሉት፤ ሰውነታችን ጠላቱን የሚለየው በነሱ ነው። ቫይረሱ ራሱን ሲገለብጥ ይሳሳታል፤ ስህተቱ ፕሮቲኖቹን ጥቂት ጥቂት ይለውጣቸዋል፤ ከጊዜ በኋላ አምና የታመመ ወይም የተከተበ ሰው ደም ውስጥ ያለው መከላከያ ዘንድሮ የመጣውን በደንብ አያውቀውም። ድሪፍት ይኸው ነው። ሺፍት ሌላ ነገር ነው። የሰውና የወፍ፣ ወይም የአሳማ ኢንፍሉዌንዛ በአንድ እንስሳ አንድ ሕዋስ ውስጥ ሲገናኙ የዘር ክፍሎቻቸው ይደባለቃሉ፤ የሰው ልጅ ደም ጨርሶ አይቶት የማያውቅ ፕሮቲን የለበሰ ቫይረስ ይወጣል። በዚህ ውስጥ መጠራቀም የሚባል የለም። ድሪፍት መቶ ዓመት ቢጠራቀም ሺፍት አይሆንም።

ይህን ሳስተምር ከኋላ ወንበር ላይ ሹራባቸውን እየሠሩ የሚያዳምጡ አንዲት ሴት ነበሩ፤ የሳንባ ክፍሉ ኃላፊ ነርስ። ሁላችንም እትዬ እንላቸዋለን። የደንቢያ ሰው ናቸው፤ ከቆላ ድባ። በልጅነታቸው ጉሮሯቸውን ታመው፣ በሽታው ወርዶ የልባቸውን በር አጥብቦት ቀርቷል። ያንን ልብ ለተማሪ ሁሉ ያስዳምጡ ነበር። ነጠላቸውን ገለጥ አድርገው «ኑ፣ ስሙት፤ ሸጋ አድርጎ ይጮኻል» ይላሉ። የታመመ ልብ ምን ድምፅ እንዳለው እኔም የተማርኩት ከሳቸው ደረት ነው።

እንዲህ ያለ ልብ ብርቱ ኢንፍሉዌንዛ አይችልም። ስለዚህ በቀድሞው አስተዳዳሪ ጊዜ አንድ ደንብ ነበራቸው፤ ኅዳር ሊገባ ሲል፣ ሳሉ ሲበዛ፣ ከሳንባ ክፍል ወጥተው መርፌና መሣሪያ ወደሚቀቀልበት ክፍል ይዛወራሉ፤ ብርዱ ሲያልፍ ይመለሳሉ። እንዲህ እያሉ ብዙ ዓመት ኖረዋል።

በዚያ ዓመት በጥቅምት አጋማሽ ከአንድ ወንድም ሶሻሊስት አገር የኢንፍሉዌንዛ ክትባት መጣ፤ አንድ ካርቶን፣ ለሠራተኛው ብቻ የሚበቃ። ንግግር ተደረገ፤ ካርቶኑ ከነባንዲራው በላምባ የሚሠራው ፍሪጃችን ውስጥ ገባ። እትዬ እንደልማዳቸው ዝውውር ሲጠይቁ፣ አሁን አስተዳደሩንም የያዘው ሰብሳቢ «ክትባት እያለ ምን ዝውውር? ከተወጉ በኋላ በክፍልዎ ይቀጥላሉ» አላቸው።

ከዚያው አገር የመጣ አንድ ወጣት ሐኪም አብሮን ይሠራ ነበር። ካርቶኑን አገላብጦ የተጻፈውን አነበበና ፊቱ ጠቆረ። ክትባቱ የተሠራው ላለፈው ወቅት ነው። በአገሩ ለዘንድሮ ሌላ ተሠርቷል፤ ቫይረሱ በድሪፍት ስለራቀ አንዱን ዘር አውጥተው በአዲስ ተክተዋል። «ልጻፍላቸው፤ በሚቀጥለው አውሮፕላን አዲሱን ይልኩልናል» አለ።

ስብሰባ ተጠራ። ሐኪሙ በእንግሊዝኛ ይናገራል፤ እኔ እተረጉማለሁ። ያለውን ሁሉ አንድ ቃል ሳላጎድል ተረጎምኩ፤ እስከዚያ ድረስ ሰው ነበርኩ። ሰብሳቢው ጠረጴዛውን በእስክሪብቶው እየመታ አዳመጠና፣

«ሺፍት ደርሷል ወይ በለው» አለኝ።

ጠየቅሁት። «አልደረሰም፤ ድሪፍት ነው። ግን ክትባት በየጊዜው የሚታደሰው እኮ ለድሪፍት ነው» አለ ሐኪሙ።

ሰብሳቢው የመጀመሪያውን ግማሽ ብቻ ያዘ። ተነሥቶ ከግድግዳው ላይ የእኔን ጽሑፍ ነቅሎ አመጣና ጠረጴዛው ላይ ዘረጋው። «እነሆ! ጓዳችን በሳይንስ አስረድቶናል። ለውጡ መጠናዊ ነው፤ ገና አልተጠራቀመም። ዓይነቱ ያው ከሆነ ክትባቱም ያው ነው። የወንድም ሕዝብ ስጦታ አሮጌ ነው ብለን ደብዳቤ እንድንጽፍ የሚፈልግ ማነው?» ከዚያ ወደ እኔ ዞረ። «ጓድ፣ ይህ የጻፍከው ስህተት ነው?»

እትዬ ከበሩ አጠገብ ተቀምጠው ያዩኛል። የሚያስፈልገው አንድ ቃል ነበር፦ አዎ። እኔ ግን መሳቢያውን አሰብኩ፤ በዚያ ዓመት ከመካከላችን ተወስደው ያልተመለሱትንም አሰብኩ። ዛሬ ላይ ሆኜ የትኛውን ይበልጥ እንደፈራሁ ልዋሽ እችላለሁ። መሳቢያውን ነው።

«ስህተት የለበትም» አልኩ።

ከስብሰባው ስንወጣ እትዬ በኮሪደሩ ጠበቁኝ። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «እኔ የማውቀው እንዳንተ አይደለም። ከሳንባ ክፍል ልውጣ ብዬ ልከራከር? አንተ አብረኸኝ ከቆምህ ይሰሙኛል። ብቻዬን ግን ፈሪ አሮጊት ይሉኛል» አሉኝ።

«ይወጉት እትዬ፤ አሮጌውም ቢሆን ጥቂት ይከላከላል» አልኳቸው።

ይህም ውሸት አይደለም፤ የሚያናድደኝም ይኸው ነው። ዘሩ በጣም ካልራቀ ጥቂት ሊከላከል ይችላል። ለጤነኛ ሰው ጥቂቱ ጥቂት ነው። ለእሳቸው ልብ ግን ጥቂት ምን ያደርጋል? ዐይኔን ትኩር ብለው አዩት። «ምነው ወደ መሬት ታያለህ?» አሉኝ። ክንዳቸውን ገልጠው መርፌውን ተወጉና ወደ ሕሙማናቸው ተመለሱ።

ኅዳር ሚካኤል ሰፈሩ ሁሉ ጥራጊውን አውጥቶ ሲያጤስ፣ አያቶቻችን የኅዳር በሽታ ያሉትን ያንን የድሮ ኢንፍሉዌንዛ ለማባረር ነው ሲባል፣ የእኛ የሳንባ ክፍል ሞልቶ ሰው መሬት ላይ ተኝቶ ነበር። ሠራተኛው ከተከተበ ሦስት ሳምንት ሆኖታል፤ ክትባቱ የሚሠራ ቢሆን በደንብ የሚሠራበት ጊዜ ነው። ተራ በተራ ወደቅን። እኔ ስድስት ቀን አተኮሰኝ፤ ዳንኩ። ሰብሳቢው አራት ቀን ተኝቶ ተነሣና ክትባቱ ስላቀለለለት ወንድም ሕዝብን አመሰገነ።

እትዬ በሁለተኛው ሳምንት ተያዙ። ትኩሳቱ ልባቸውን አስሮጠው፤ የጠበበው በር ያን ሩጫ አልቻለውም፤ ደሙ ወደ ሳንባቸው ተመለሰ። መተኛት አቅቷቸው በትራስ ተደግፈው ተቀመጡ። ሐኪሙ ያለውን መድኃኒት ሁሉ ሰጣቸው። ተማሪዎቻቸው አልጋቸውን ከበው ቆመው ነበር፤ በዚያ ቀን ግን ልባቸውን ለማዳመጥ የደፈረ የለም። ከሰዓት በኋላ ዐረፉ።

ሐኪሙ በታመምኩ ጊዜና ከዳንኩ በኋላ ደሜን ቀድቶ ወደ አገሩ ልኮ ነበር። መልሱ በደብዳቤ መጣ። የያዘኝ አዲሱ ዘር ነው፤ ከካርቶናችን ውስጥ ያልነበረው። ደብዳቤውን ለሰብሳቢው ተረጎምኩለት። «ሺፍት ነው አይልም አይደል?» አለ። አይልም አልኩት። ፋይል ውስጥ አስገባው።

በጥር ፈተና አወጣሁ። የድሪፍትንና የሺፍትን ልዩነት ጠየቅሁ፤ ምን ነክቶኝ እንደጠየቅሁ አላውቅም። ተማሪዎቹ በክፍል ያስተማርኳቸውን ትተው ከግድግዳው ያነበቡትን ጻፉ፦ ተጠራቅሞ ተጠራቅሞ ዝላይ ይሆናል። ልጆቹ ምን ያድርጉ፤ የትኛው እንደማያስጠይቅ ገብቷቸዋል። ፈተናውን ሰብሳቢው ያያል፤ ዝርዝሩም ገና አልጸደቀም። ሁሉንም ትክክል አልኩ።

አንዷ ብቻ እውነተኛውን ጽፋ አገኘሁ። የዘር ክፍል መደባለቁን፣ ክትባት ለድሪፍት ሲባል መታደስ እንዳለበት፣ መጨረሻ ላይም «መጠራቀም አይደለም» ብላ። የሳንባ ክፍል ተለማማጅ ናት። አስጠርቼ ለምን እንደ ሌሎቹ እንዳልጻፈች ጠየቅኋት።

«እትዬ ናቸው ያስጠኑኝ» አለችኝ። «የግድግዳው ልክ አይደለም አሉኝ። ‹መምህራችሁ በመስከረም ሲያስተምር ሰምቻለሁ፤ እውነቱን ያውቀዋል። ፈርቶ ነው፤ ለብቻው ከጠየቅሁት ይነግረኛል› አሉ።»

መቼ እንዳሏት ጠየቅኋት።

«በስብሰባው ዕለት ነው፤ እርስዎን ሊያነጋግሩ ወደ ኮሪደሩ ሲወጡ።»