በአንድ አቡነ ዘበሰማያት የተለካ ሙቀት

አያ አስናቀው ጎንደር ዳር ባለው የዘር ማዘጋጃችን የእህል ማድረቂያውን ሲያሠሩ አሥራ ዘጠኝ ዓመታቸው ነው። ሰዓት አስረው አያውቁም። ሙቀት ሲለኩ ቴርሞካፕሏን፣ ማለትም ጫፋቸው የተበየደ ሁለት ቀጫጭን ሽቦዎች ያላትን መለኪያ፣ ከግድግዳው ያወርዳሉ፤ ትኩሱ አየር በሚነፍስበት ቱቦ ቀዳዳ ይከቷታል፤ አንድ አቡነ ዘበሰማያት ደግመው ቁጥሩን ያነባሉ። እኔ የላቦራቶሪ ሠራተኛዋ ጽጌሬዳ ነገር ፈላጊ ስለሆንኩ አንድ ቀን ጸሎታቸውን በሰዓት ለካሁት፤ ሃያ አምስት ሰከንድ ነው። ሽቦዋ ደግሞ ጸሎቱ ሳይጋመስ የአየሩን ሙቀት ትደርስበት ነበር።

ዘንድሮ በኅዳር የትነበርሽ የምትባል ገበሬ ከመካነ ብርሃን የአሥራ አንድ ቤት ዘር አደራ ተቀብላ መጣች። ውርጭ የማይበግረው ጥቁር ገብስ ነው፤ ሌላ ቦታ አይገኝም። አውድማ ላይ ዝናብ ስለመታው ቶሎ ካልደረቀ ይሻግታል፤ ከአርባ ሦስት ዲግሪ በላይ አየር ከነፈሰበት ደግሞ ውስጡ ይሞታል። ስለዚህ አያ አስናቀው ከአርባ አያልፉም።

በዚያው ሳምንት ቀጭኗ ሽቦ ተበጠሰች። እኔ ፒያሳ ወርጄ በብረት የተሸፈነ፣ እርሳስ የሚያህል ወፍራም መለኪያ ገዛሁ፤ ይህ አይበጠስም ብዬም ተኩራራሁ። የፈላ ውሃ ውስጥ ስንከተው ወዲያው ዘጠና ሦስት አነበበ፤ በኛ ደጋ ውሃ የሚፈላው በዚሁ ነው። አያ አስናቀው ሸጋ ነው አሉ፤ እኔም የፍተሻ ወረቀቱ ላይ ፈረምኩ።

በማግሥቱ ወደ ላቦራቶሪዬ መጡ።

«ጽጌ፣ ምነው ዘንድሮ እሳቱ ደከመ? ከወትሮው አብልጬ ከፍቼው እንኳ አርባ የሚገባው በግድ ነው» አሉኝ።

የጠዋቱ ብርድ ይሆናል አልኳቸውና ወደ ሥራዬ ዞርኩ። ሳይቃጠል በቅጠል የተባለው ለእንደኔ ዓይነቷ ነው። ተነሥቼ አይቼው ቢሆን ኖሮ አሥር ደቂቃ አይፈጅብኝም ነበር።

ከደረቀው ገብስ መቶ ፍሬ ለብቅለት አስቀመጥኩ። በሰባተኛው ቀን የበቀለው አሥራ አንድ ነው። ሦስት ጊዜ ቆጠርኩት። አያ አስናቀው ሲሰሙ ሳጥኑ ላይ ቁጭ ብለው፣ ጸሎቱን አሳጥሬው ይሆን እያሉ እንደ ሕፃን አለቀሱ።

እሳቱን በዚያው ልክ እንዲለኩሱት ለመንኳቸው። መለኪያውን ከተቱ፣ አንድ ጊዜ ደገሙ፤ አርባ። ሊያወጡት ሲሉ እጃቸውን ያዝኩ። ሁለተኛ ሲደግሙ ሃምሳ ሁለት ሆነ። በሦስተኛው ሃምሳ ስምንት፣ በአራተኛው ስልሳ አንድ፤ እየዘገየ፣ እየዘገየ ሄዶ በስምንተኛው ስልሳ አምስት ላይ ቆመ። አየሩ ከመጀመሪያውም ስልሳ አምስት ነበር። ወፍራሙ ብረት ራሱ እስኪሞቅ ጊዜ ይፈልጋል፤ በአንድ ጸሎት ያለፈው የመንገዱን ግማሽ እንኳ አይሞላም። የፈላ ውሃ ሙቀቱን ቶሎ ስለሚሰጠው ነው የሸነገለን፤ አየር፣ ቢነፍስም እንኳ፣ ቀስ እያለ ነው የሚሰጥ። ይህን ትምህርት ቤት ተምሬዋለሁ። እሳቸው አልተማሩም።

የተረፈችው፣ ቦታ ጠቦን ወለል ላይ አስጥተን እንዳትሻግት ስናገላብጣት የሰነበትን አንዲት ኩንታል ናት፤ ገና እርጥብ ነበረች። አያ አስናቀው እሳቱን ቀነሱ፣ መለኪያውን ከቀዳዳው ሳያወጡ ቁጥሩ አርባ ላይ እስኪቆም ጠበቁ፣ ቀኑን ሙሉም ከዚያ አልተነሡም። ከእርሷ ከመቶው ዘጠና አራት በቀለ።

የትነበርሽ ስትመጣ ሁላችንም በር ላይ ቆመን ነበር። አያ አስናቀው ሳልቀድማቸው ተናገሩ።

«እኔ ነኝ ያቃጠልኩት። መለኪያው ሳይደርስ ቸኩዬ አነበብኩ።»

ከሞተው ገብስ እፍኝ ዘግና በጣቷ አገላበጠችው። ከውጭ ሲያዩት ምንም አልሆነም።

«አያ አስናቀው፣ አንተ ቸኩለህ አታውቅም እኮ» አለች። «አሥራ አንድ ቤት ምን ልበል?»

አያ አስናቀው ወደ እኔ አላዩም። የፈረምኩበት ወረቀት ጋዋኔ ኪስ ውስጥ ነበር፤ ካፈርኩ አይመልሰኝ ሆነብኝና አፌን አልከፈትኩም።

ያቺን አንዲት ኩንታል ባጃጅ ላይ ጫንንላት። ከመሄዷ በፊት ዞራ መጣችና፣ ዘሩ መሞቱን የደረስሽበት አንቺ ነሽ አሉኝ ብላ ጉንጬን ሳመችኝ።

«አንቺ ባትኖሪ ይቺም አትተርፍም ነበር። ተባረኪ፣ ልጄ።»

አያ አስናቀው አጠገባችን ቆመው ይሰማሉ። አሜን አልኩ።