የሻረግ የቆረጠቻቸው ካርዶች

የሻረግ ቦንጋ ውስጥ አራተኛ ክፍል አማርኛ ስታስተምር አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሆኗታል። በዲፕሎማ ተቀጥራ ልጆቿን ካሳደገች በኋላ፣ አርባ ሦስት ዓመት ሲሞላት ዲግሪዋን ለመያዝ ከተማው ካለ አንድ ኮሌጅ ገብታ ቅዳሜና እሁድ ታሪክ መማር ጀመረች።

ስለ አንደኛው የዓለም ጦርነት መንስኤዎች በተሰጠው አጭር ፈተና ከሃያው ያገኘችው ሰባት ነበር። የመምህሩን አርባ ሁለት ስላይድ ስድስት ጊዜ አንብባ ነው የተፈተነችው። ወረቀቷን አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች፤ ለባሏም አላሳየችም። አጠገቧ የሚቀመጡት ጋሽ ፈለቀ ግን አይተዋታል። ሳትጠይቃቸው የራሳቸውን ገልጠው አሳዩዋት፤ አምስት ነበር። ጋሽ ፈለቀም አስተማሪ ናቸው፤ ጡረታ ሊወጡ ሦስት ዓመት ቀርቷቸው በየሳምንቱ ከደካ በአውቶቡስ እየመጡ ይማራሉ። ስልካቸው ስላይድ የሚከፍት አልነበረም።

የሻረግ የተማሪዎቿን አሮጌ ደብተሮች ጠንካራ ሽፋን በመቀስ እየቆረጠች ካርድ መሥራት ጀመረች። በፊቱ ጥያቄ፣ በጀርባው መልስ ትጽፋለች። የመጀመሪያዎቹ አልረዷትም። «የጦርነቱን መንስኤዎች ዘርዝሪ» ብላ ጽፋ በጀርባው አሥራ አራት መስመር ገለበጠችበት፤ ሁልጊዜ ሦስተኛው መስመር ላይ ትቆማለች። የቱን እንደምታውቅ፣ የቱን እንደማታውቅ እንኳ መለየት አቃታት። በመጨረሻ ለአራተኛ ክፍል ልጆች እንደምታደርገው አደረገች፤ ለአንድ ካርድ አንድ ጥያቄ፣ ለአንድ ጥያቄ አንድ መልስ። በጦርነቱ በቃል ኪዳን ስለተሳሰሩት አገሮች የሚናገረው ስላይድ ብቻውን ዘጠኝ ካርድ ወጣው። ስላይዱ ሩሲያ ጦሯን እንዳንቀሳቀሰች ይናገራል እንጂ ለምን እንደሆነ አይልም። እሷ «ለምን ለሰርቢያ ቆመች?» ብላ ጻፈችና መልሱን መጽሐፍ ከፍታ ፈለገች፤ ሩሲያ የስላቭ ሕዝቦች ጠባቂ ነኝ ትል ነበር፤ ባልካን ላይም ሥልጣኗ እንዲቀንስ አልፈለገችም። እንዲህ ያሉት «ለምን» የሚሉ ካርዶች ብዙ ጊዜ ወሰዱባት።

እሁድ እሁድ በምሳ ሰዓት የኮሌጁ በረንዳ ላይ ትጠይቃቸዋለች፣ ጋሽ ፈለቀ ይመልሳሉ። የሳቱት ካርድ ቶሎ ተመልሶ እንዲመጣ ወደ ፊት ይገባል፤ ያወቁት ወደ ኋላ ይሄዳል። የክፍል ጓደኞቻቸው ይህን ሰምተው ስለለመኗት ካርዶቹን ፎቶ አንስታ በቴሌግራም ለአሥራ አንድ ሰው ላከች። ሰው ከእሷ ሲለምን የመጀመሪያዋ ነበርና ደስ አላት።

ማጠቃለያ ፈተናው ሁለት ሳምንት ሲቀረው የድርጊቶቹ ቀን የተጻፈባቸውን ካርዶች አግዳሚው ላይ ዘርግታ በቅደም ተከተል እንዲደረድሯቸው ሰጠቻቸው። ጋሽ ፈለቀ ሁለቱን ነጥለው ጎን ለጎን አደረጓቸው። አንዱ፣ ኦስትሪያ ሰርቢያን በዙፋን ወራሿ ግድያ ከስሳ ማስጠንቀቂያ የሰጠችው ጁላይ 23 ነው ይላል። ወራሹ ሳራዬቮ ላይ የተገደለው ግን ጁላይ 28።

«የሻረግ፣» አሏት ቀስ ብለው፣ «ሰውየው ሳይሞት ነው እንዴ የተከሰሱት?»

ካርዱን ነጠቀቻቸው ማለት ይቻላል። ስልኳን ከፍታ ስላይዱን አየች፤ እዚያም ጁላይ 28 ይላል። መጽሐፉ ግን ግድያውን ጁን 28 ያደርገዋል፤ ጁላይ 28 ኦስትሪያ በሰርቢያ ላይ ጦርነት ያወጀችበት ቀን ነው። ስህተቱ የስላይዱ ነበር። ቢሆንም ያንን የተሳሳተ ቀን ለአሥራ አንድ ሰው ያስጠናችው እሷ ናት። ጋሽ ፈለቀም ሳምንቱን ሙሉ በቃላቸው ሲሉት ከርመዋል። ይቅርታ ስትጠይቃቸው፣ እንዳይረሱት ሆነው የተማሩት ገና አሁን እንደሆነ ነገሯት።

ለመምህሩ መንገር ከበዳት። መምህር ማዕረግ በዕድሜ ልጇ ሊሆን ምንም አልቀረው፤ ሰባት የሰጣትም እሱ ነው። ልታሳፍረው ነው፣ ወይም ሰነፍ ተማሪ ስህተት ፈላጊ ሆነች ሊላት ነው። በሚቀጥለው ቅዳሜ ጠዋት ወደ ቢሮው ገብታ ሁለቱን ካርዶች ጠረጴዛው ላይ ጎን ለጎን አስቀመጠችለት።

ማዕረግ አንብቦ ጆሮው ቀላ። ስላይዱን ከእሱ በፊት ከነበረው መምህር ተቀብሎ ሁለት ዓመት አስተምሮበታል። ከዚያ ኮምፒውተሩን አዞረና የማጠቃለያ ፈተናውን መልስ ቁልፍ ከፈተ። ጥያቄው እዚያም ነበር። ከምርጫዎቹ አንዱ ጁን 28 ቢሆንም ቁልፉ ጁላይን ይዟል።

«እትዬ የሻረግ፣» አለ፣ «በትክክል የመለሰውን ሁሉ ልጥለው ነበር።»

ጥያቄውን ማየቷን አስታውሶ አወጣውና ሌላ ተካ። ከሰዓት በኋላ ክፍል ገብቶ ስህተቱን በራሱ አፍ ተናገረ፤ ማን እንዳገኘውም አልደበቀም። የሻረግ ብድግ ብላ ያገኙት ጋሽ ፈለቀ ናቸው አለች። ሽማግሌው አንገታቸውን ደፉ፤ ግን ፈገግ ብለው ነበር። ምሽቱን ለአሥራ አንዱም የታረመውን ካርድ ላከችላቸው።

በማጠቃለያው እሷ ቢ ፕላስ አገኘች፤ ጋሽ ፈለቀ ሲ። ሲ በማግኘታቸው ግን እንደሳቸው የተደሰተ ሰው በክፍሉ አልነበረም። ውጤቱ የተለጠፈ ዕለት የደካ አውቶቡስ እስኪሞላ መናኸሪያው አጠገብ ቆመው የሚቀጥለውን ኮርስ ስላይድ እንዴት እንደሚከፋፈሉት ተነጋገሩ። ግማሹን እሷ በወረቀት አሳትማ ልትሰጣቸው፣ እሳቸው ደግሞ ካርድ አድርገው ሊጽፉት ተስማሙ።